የጥሪ ካርድ ላይ የሚናገረው ማን ነው?

ልጄ፣ ለጥሪ ካርድሽ የሚሆን አንድ ጥሩ አባባል እንድጠቁምሽ ጠይቀሽኛል። ከመጠቆሜ በፊት ግን ካርዱን ራሱን እንየው። ማተሚያ ቤት በአራሚነት ስሠራ በኖርኩበት ዘመን፣ በተለይ ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት፣ ጠረጴዛዬ ላይ የሚከመረው የሠርግ ካርድ ነበር። የሙሽሮቹ ስም፣ ቀኑና አዳራሹ ካልሆነ በቀር አንዱን ከሌላው የሚለየው ነገር ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደንበኛው ሲመጣ የናሙና አልበም ይሰጠዋል። ገላልጦ ጠርዙ ወርቃማ የሆነውን ወይም ቀለበት የተሣለበትን ይመርጣል። ጸሐፊዋ ደግሞ ኮምፒውተሯ ውስጥ ያለውን የቀድሞ ደንበኛ ካርድ ከፍታ ስሙን፣ ቀኑንና ስልኩን ትቀይራለች። ከላይ የተጻፈውን ጥቅስ የሚነካው የለም። ብዙው ሰው ጥቅሱን መረጠው አይባልም፤ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ገዛው እንጂ።

አንድ ጥቅስ ማለቁን የምታውቂበት መንገድ ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቃላት ለጓደኛሽ አንብቢላትና ዝም በዪ። ቀሪውን እሷ ከጨረሰችው፣ ካርዱ የሚደርሰውም ሰው እንዲሁ በልቡ ይጨርሰውና ዓይኑን ወደ ሰዓቱና ወደ አዳራሹ ስም ያወርዳል። በዚህ ፈተና ከሚወድቁት መካከል አምላክ ያጣመረውን ስለ አለመለየት የሚናገረው ማቴዎስ 19፥6፣ በዕለቲቱ ደስ ስለ መሰኘት የሚናገረው መዝሙር፣ ከሀገርኛው ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ግንባር ቀደሞቹ ናቸው።

መለመድ ግን ከጉድለቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው። ተለምዶም ቦታው ልክ የሆነ ቃል አለ፤ አዲስ ሆኖ ሁለት ቤተሰብ የሚያኳርፍም አለ። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብዬ አይደለም። ይህን ቃል የሚናገረው ማን ነው? የሚናገረውስ ለማን ነው?

የጥሪ ካርድ ንግግር ነው። «አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት የልጃችንን ጋብቻ ምክንያት በማድረግ በአዘጋጀነው የምሳ ግብዣ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል» ሲል ተናጋሪዎቹ ወላጆች ናቸው፤ ሰሚው እንግዳው ነው። ሙሽሮቹ በራሳቸው ስም የሚጠሩበት ካርድም አሁን በዝቷል፤ ያኔ ተናጋሪዎቹ እናንተ ናችሁ። ከላይ የሚሠፍረው አባባልም በዚያው አፍ የሚነገር ነው። ይህን ካየሽ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ይወድቅልሻል። «ጋብቻችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ» የእንግዳ ምርቃት ነው። ከስጦታ ጋር በሚመጣ የደስታ መግለጫ ላይ ሲጻፍ የሚነቀፍ ነገር የለውም፤ በጥሪ ካርድ ላይ ሲታተም ግን ሙሽሮቹ ራሳቸውን መረቁ ማለት ነው። «ወልዳችሁ ሳሙ»ም እንዲሁ። ሽማግሌ ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ፣ «አሜን» እየተባለለት የሚለውን ቃል ከእሱ ቀድመሽ አትውሰጂበት።

ምሳሌ 18፥22ንም በዚሁ መንገድ መዝኚው። ሚስት ያገኘ ሰው በጎ ነገር እንዳገኘ የሚናገር ነው። በወንዱ ወገን ካርድ ላይ ሲወጣ ምስጋና ይሆናል፤ አማቶቹንም ያስደስታል። የሴቷ ወላጆች በሚያሳትሙት ካርድ ላይ ሲወጣ ግን አባት ልጁን ሲያሞግስ፣ አማቹን ደግሞ «ዕድለኛ ነህ፣ እወቀው» ሲል ይሰማል። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አፉ ብቻ ነው።

ወደ ተረትና ምሳሌያችን ስንመጣ ችግሩ ሌላ ነው። ተረት የተፈጠረው ለአንድ ሁኔታ ነው፤ ወደ ሠርግ ሲመጣም ያን ሁኔታ ጎትቶ ይመጣል። ድሩ የሚያብረው አንበሳ ለማሰር ነው። ካርዱ ለሁለት ቤተሰብ ሲደርስ «እንግዲህ አንበሳው ማን ሊሆን ነው?» የሚል ቀልደኛ አጎት አይጠፋም። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውም ሁለት ሆኖ አንዱን ስለ መጣል ነው። ፍቅር ካለ ባቄላም ለሁለት ትበቃለች የሚለው ዓይነት አባባል በሐሳቡ ግሩም ነው፤ ለእኔ ግን ምሳ የተጠራው ሰው ካርዱ ላይ ባቄላ ሲያነብ ቀድሞ ቤቱ በልቶ የሚመጣ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ ትዳር በትዕግሥት እንደሚያድግ ለመግለጽ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ረቂቅ አጋጥሞኛል። ሙሽራይቱ ነፍሰ ጡር ናት ብሎ ያልጠረጠረ አንባቢ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቅኔ ከሚወድ፣ ሰሙን ትቶ ወርቁን ከሚፈልግ ቤተሰብ ጋር የምትዛመጂ ከሆነ ይህን አደጋ እጥፍ አድርገሽ ቁጠሪው።

ከተረቶቹ ሁሉ ለጥሪ ካርድ በትክክል የሚገጥም አንድ አውቃለሁ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። ተለምዷል፤ የተለመደው ግን በማኅበርና በዕድር ስብሰባ ላይ ስለሆነ በሠርግ ካርድ ላይ ሲወጣ ትኩስ ሆኖ ይነበባል። ከሁሉ በላይ ደጋሽ ለእንግዳ የሚናገረው ነው፤ ደስታችን ብቻችንን ብንይዘው ይከብደናልና ኑልን ይላል። ሃይማኖትም ብሔርም ስለማይነካ ሁለቱም ወገን ያለ ጭንቀት ሊለው ይችላል። ካርዱ ግርጌ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ካለ ግን ተዪው፤ ሎሚው ወዲያው ገንዘብ ይሆናል።

ከመጽሐፍ ለሚወሰድ ቃል ያለኝ ሕግ አንድ ነው፤ ከላይም ከታችም ያለውን አንብቢ። ጥቅስ ተቆርጦ ሲወጣ የሚያምር፣ ከቦታው ሲታይ ሌላ የሚሆን ብዙ ነው። ማቴዎስ 19፥6 ፈሪሳውያን ስለ ፍቺ ላቀረቡት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ በካርድ ላይ ባይከለከልም ፍቺን በሠርጉ ዕለት ያነሣል። ዕብራውያን 13፥4 ስለ ጋብቻ ክብር ይናገርና ወዲያው ወደ መኝታ፣ ከዚያም ወደ አመንዝሮች ፍርድ ይሻገራል፤ ጨዋ አባት በስሙ ለጎረቤቱ የሚልከው ወረቀት ላይ መኝታ የሚለው ቃል ቢወጣ ደስ አይለውም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ግን ሩት 1፥16 ነው። ሕዝብሽን ሕዝቤ፣ አምላክሽን አምላኬ አደርጋለሁ የሚለውን ቃል ወጣቶች ሙሽራ ለሙሽራው የገባችው ቃል ኪዳን አድርገው ከሁለት ቀለበት በታች ያሳትሙታል። ሩት የተናገረችው ለአማቷ ለኑኃሚን ነው፤ ያውም ባሏ ከሞተ በኋላ፣ መንገድ ላይ። ሙሽራይቱ በግብዣው ላይ ለባሏ እናት ብትናገረው ብዙዎችን ያስለቅስ ነበር። ሁለት ቤተሰብ በሚያወጣው ካርድ ላይ ግን ሌላ ነገር ያመጣል። ቤተ ክርስቲያናቸው ወይም ብሔራቸው የተለያየ ከሆነ፣ ቃሉ አንደኛው ወገን ሕዝቡንም አምላኩንም ትቶ ወደ ሌላው እንደሄደ የሚያውጅ ይሆናል። የሴቷ አባት ያን ካርድ ለዘመዶቹ ሲያድል «ልጄ እኛን ካደችን» እያለ የሚያድል ነው የሚመስለው።

አንድ ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልንገርሽ፤ ያንቺም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የወንዱ ቤተሰቦች ደብረ ማርቆስ ያሉ ኦርቶዶክሶች ናቸው። የሴቷ ወላጆች የነቀምት ሰዎች፣ በመካነ ኢየሱስ ያደጉ። ቀድሞ እንደሚደረገው የሴት ወገንና የወንድ ወገን ለየብቻው ካርድ ቢያሳትም ኖሮ ሁሉም የየራሱን ጽፎ በተገላገለ። እነሱ ግን አንድ አዳራሽ፣ አንድ ግብዣና አንድ ካርድ ሆኑ።

የወንዱ እናት መጀመሪያ የፈለጉት የእመቤታችን ሥዕልና ከመጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 8 የተወሰደ ቃል ነበር። ምርጫው ብልህ ነው፤ ጦቢያና ሣራ በሠርጋቸው ሌሊት የጸለዩት ጸሎት ያለበት ምዕራፍ ነውና። የሴቷ አባት ግን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ቢያገላብጡ ጦቢትን አጡት፤ በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ የለም። አልተቆጡም። «እንግዶቼ የት ነው ያለው ቢሉኝ ምን ልበላቸው?» አሉ። ቀጥሎ የሴቷ ወንድሞች መዝሙር 118፥24ን አመጡ። ይህም ያለቀ መሆኑ ሳያንስ ሌላ ጣጣ ነበረበት። የወንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት ዳዊታቸውን ከፍተው 118፥24ን ሲያነቡ ስለ ዕለቲቱ ደስታ የሚል ነገር የለም፤ ስለ አምላክ ምስክርና ምክር የሚናገር ሌላ ቁጥር ነው ያገኙት። በኦርቶዶክሱ አቆጣጠር የዕለቲቱ ደስታ ያለበት መዝሙር 117 ነው፤ 118 የሚባለው ረጅሙ መዝሙር ነው። ከመዝሙር የምትጠቅሺ ከሆነ ሁለቱንም ቁጥር ጻፊ፣ ወይም «መዝሙረ ዳዊት» ብለሽ ብቻ ተዪው።

ልጅቷ ምን ላድርግ ብላ ስትመጣ፣ ለሁለቱም ቤት «ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው አልኳት። ፍላጎት ከተጠየቀ ሁሉም የራሱን ይዞ ይቆማል። ይልቅ «በስማችሁ በሚወጣ ካርድ ላይ ምን ቢታይ ታፍራላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ሄዳ ጠየቀች። የወንዱ እናት ያሉት እመቤታችን ጨርሳ የማትነሳበት ካርድ ባዶ ይሆንብኛል ነው። የሴቷ አባት ያሉት ሥዕልና ምልጃን የሚያነሣ ቃል በስሜ አይውጣ፣ የጌታ ስም ግን ይኑርበት ነው። ሁለቱ መልሶች ሲታዩ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ሠርጉ ግን ጥር ውስጥ ነበርና መፍትሔው ከቀን መቁጠሪያው መጣ። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው።

ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ከፈትን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች በገሊላ ቃና ሠርግ እንደነበረ፣ የኢየሱስ እናት በዚያ እንደነበረች፣ ኢየሱስም ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ወደ ሠርጉ እንደተጠራ ይናገራሉ። ሌላ ምንም የለበትም። እናቲቱ አለች፤ የወንዱ እናት ረኩ። ጌታ ተጠርቷል፤ የሴቷ አባት ረኩ። ከሁሉ በላይ ስለ መጠራት የሚናገር ቃል ነው፤ የጥሪ ካርድ ላይ ከዚህ የበለጠ ቦታውን የሚያውቅ ቃል ከየት ይመጣል? ሃያ ቃል ስለማይሞላም በካርዱ ራስ ላይ በሦስት መስመር ይቀመጣል።

ቁጥር 2 ላይ ማቆሙ ደግሞ ታስቦበት ነው። ቁጥር 3 ላይ የወይን ጠጁ ያልቃል፤ እናቲቱም ለልጇ ትነግረዋለች። ኦርቶዶክሱ ይህን የአማላጅነቷ ማስረጃ አድርጎ ያነባል፤ ፕሮቴስታንቱ እንዲያ አያነብም። አንድ ቁጥር ብንገፋ ኖሮ ሁለት ጉባኤ ካርዱ ላይ ይከራከር ነበር። ደግሞስ መጠጥ አለቀ የሚል ቃል ይዞ ሰው ለድግስ ይጠራል?

የማዕረግ ስምም ጥያቄ ሆነ። የወንዱ አጎት «ጌታችን መድኃኒታችን» ይባልበት አሉ፤ የሴቷ ወገን «ጌታ ኢየሱስ» ማለት ነው የለመደው። እናቲቱንስ «እመቤታችን» እንበል ወይስ እንዴት? እኔ በዚህ ላይ ግትር ነኝ፤ የተጠቀሰ ነገር በመጽሐፉ እንዳለ ይጻፋል፣ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም። ምዕራፉና ቁጥሩ ከታች ሲሠፍር ማንም ደፈራችሁ አይልም፤ ተናጋሪው ወንጌላዊው ነውና። ከትርጉሞቹም የ1954ቱን ወሰድን። ወጣቶቹ አዲሱን መደበኛ ትርጉም ስልካቸው ላይ ያነባሉ፤ የሁለቱም ቤት ትልልቆች በቃላቸው የያዙት ግን የ1954ቱን ነው።

የሴቷ አያት አማርኛ አያነቡም። ስለዚህ የካርዱ ሌላ ገጽ በአፋን ኦሮሞ ሆነ፤ እዚህ ላይ ከመጽሐፍ መጥቀሱ ሌላ ጥቅም አመጣ። ተረት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ጨዋታው መንገድ ላይ ይቀራል። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ከደከመበትና በ1899 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከታተመው ጀምሮ አለ። ወለጋ ውስጥ የሚሰበክበትና የሚዘመርበት ቋንቋ ስለሆነ አያቷ የለመዱትን ቃል ነው ካርዱ ላይ ያገኙት። በራሳችሁ ለመተርጎም አትሞክሩ፤ ከታተመው ቅዱ።

ካርዶቹ ለየብቻ የሚታተሙ ከሆነ ደግሞ ለሴት ወገን የምወደው ዘፍጥረት 24፥50 ነው። የአብርሃም ሎሌ ርብቃን ለይስሐቅ ሲጠይቅ ቤተሰቧ ነገሩ ከእግዚአብሔር ስለሆነ በእኛ በኩል የምንጨምረው የለም ሲሉ የሰጡት መልስ ነው። በሽማግሌ ተጠይቆ ልጁን የሰጠ አባት አፍ ላይ ልክ ይቀመጣል። ወደ ታች ስታነቢም ቤተሰቡ ልጅቷን ጠርቶ ትሄጃለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃታል፤ እሺታዋም ተጽፏል፤ ዛሬም ደስ የሚል ነገር ነው። የተናጋሪውን ስም ግን አትጻፊ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ላባ ነው፤ ኋላ ያዕቆብን በራሔል ፈንታ ልያን ሰጥቶ ያታለለው እሱ መሆኑን የሚያስታውስ እንግዳ አይጠፋም።

ጓደኞችሽ መካከል ሙስሊሞች ካሉ እነሱም ይህንኑ ይጠይቁሽ ይሆናል። በእነሱ ካርድ ላይ የሚዘወተረው ሱረቱ አር-ሩም 30፥21 ነው፤ በጥንዶች መካከል ስለተደረገው ፍቅርና እዝነት የሚናገረው። በጣም ቢለመድም እኔ አልነቅፈውም፤ ከላይም ከታችም ቢነበብ የማያሳፍር ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው በሌላ ነገር ነው። ካርድ ከሠርጉ በኋላ ይጣላል፣ መሬት ይወድቃል፤ የአላህ ስምና የቁርኣን አንቀጽ ያለበት ወረቀት ሲረገጥ ማየት ይከብዳል። ለዚህ ሲባል ምዕራፉንና ቁጥሩን ብቻ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ጥሩ ዘዴ ነው። ወሎ ውስጥ እንደምናውቀው አንዱ ወገን ሙስሊም ሌላው ክርስቲያን በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ከሁለቱም መጽሐፍ አንድ አንድ እያወጡ ጎን ለጎን መደርደሩ አያስደስተኝም፤ ካርዱ የክርክር መድረክ ይመስላል። ሎሚው ይበቃል። ምንም ሳይጻፍ ስማቸው ብቻ በትልቁ ቢወጣም ነውር የለውም፤ ጥቅስ ግዴታ አይደለም።

ያለቀው ጥቅስስ ጨርሶ ይጣል? አይደለም። ሁለቱም እናቶች ማቴዎስ 19፥6ን በአንድ ቃል ከፈለጉት ስጫቸው። በሁለት ቤት መካከል በዚህ ወር የተገኘ ስምምነት ከአዲስ ጥቅስ ይበልጣል። የምትታገዪው አንዱ ሲፈልገው ሌላው ዝም ሲል ነው፤ ዝምታውን እሺታ አድርገሽ አትውሰጂው።

አሁን የቀረሽ ሥራ ይኸው ነው። የመረጥሽውን ቃል ወደ ማተሚያ ቤቱ ከመውሰድሽ በፊት ለአባትሽና ለወንዱ አባት፣ ለየብቻቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡት ስጪ። በልባቸው ካነበቡት አይቆጠርም። በር ላይ ለቆመ እንግዳ የሚሉት መስሏቸው ሳይደናቀፉ ካነበቡት ጨርሰሻል፤ አንዳቸው መሐል ላይ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ወይም «ይህቺ እንኳ...» ካለ ሌላ ፈልጊ። ለጸሐፊዋ በስልክ አትንገሪያት፤ ጽፈሽ ስጫት፣ ከአሮጌው ካርድ ላይ እየቀየረች እንዳትሠራ ባዶ ገጽ ላይ እንድትጀምር ለምኛት። «ሠርግ» በንጉሡ ሠ ከተጻፈ ከላይ እስከ ታች በንጉሡ ይሁን፤ ስሙም መታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ። ጥቅሱ በሦስት መስመር ሲከፈል ቃል ከቃል ተለያይቶ ትርጉሙ እንዳይሰበር እይ። የሙከራ ኅትመቱ ሲወጣ መጀመሪያ ለሁለቱ እናቶች አሳዪ፤ ጉድለቱን ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ እኔም ባየው ደስ ይለኛል፤ መነጽሬ ያለው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘሽው ነዪ።